አንቲባዮቲክ ያስከተለው የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ፦ መነሻውን ለይቶ የማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

አንዲት የ34 ዓመት ሴት የሳይነስ ኢንፌክሽን ተገኝቶባት አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተዋሃደበት አንቲባዮቲክ በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን እንድትወስድ ታዘዘላት እንበል። በመጀመሪያው ቀን ማታ እምብርቷ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ይቆርጣትና ይተዋታል። በአራተኛው ቀን ግን ሆዷ ይነፋል፣ ይጮኻል፤ ወተት ከጠጣች ብዙም ሳይቆይ ቁርጠቱ ይጀምርና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ላላ ያለ ሰገራ ያስወጣታል። ሌሊት ግን ተኝታ ታድራለች፤ ትኩሳትም የላትም። «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላ ልታቆመው ታስባለች።

ይህች ሴት በምሳሌነት እስከ መጨረሻው አብራን ትቆያለች፤ ምክንያቱም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሆዷን የሚያማት በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። ሦስቱም «አንቲባዮቲክ ያመጣው ተቅማጥ» ይባላሉ፤ የሚፈልጉት እርምጃ ግን አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ ሊበቃ ይችላል፤ ለሁለተኛው ፈሳሽ፣ የምግብ ጥንቃቄና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው የሰገራ ምርመራና ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ አንዱን ከሌላው መለየት ነው፤ ለመለየት ደግሞ በቅድሚያ አንጀት ውስጥ ምን እንደተበላሸ መረዳት ይገባል።

አንጀት ውስጥ ምን ይበላሻል?

በየቀኑ ወደ ትንሹ አንጀት ከ8 እስከ 9 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ይገባል። የምንጠጣውና ከምግብ የምናገኘው ወደ 2 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የአንጀት ፈሳሽ ነው። አብዛኛው በትንሹ አንጀት ይመጠጥና ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ገደማ ይሆናል። በመጨረሻ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሰገራችን ቅርጽ ይዞ የሚወጣው ትልቁ አንጀት ይህን የመጨረሻ ምጠጣ በሚገባ ስለሚሠራ ነው።

ትልቁ አንጀት ይህን ሥራ ብቻውን አይሠራውም። ከምንበላው ምግብ ውስጥ አሰሩና ያልተፈጨው ስታርች ትንሹን አንጀት አልፎ ሲመጣ፣ በዚያ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከመብላላቱ አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔት እና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ይገኛሉ። የአንጀቱ ግድግዳ እነዚህን አሲዶች ሲመጥ ሶዲየምም አብሮ ይገባል፤ ውኃ ደግሞ ሶዲየምን ተከትሎ ይገባል። ከዚህም በላይ ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ ለሚሸፍኑት ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ነው። ባክቴሪያዎቹ ለራሳቸው ሲሉ የሚያስወግዱት ተረፈ ምርት፣ የእኛን አንጀት የሚመግብና ውኃችንን ወደ ሰውነት የሚመልስ ነው ማለት ነው።

አንቲባዮቲክ የሳይነሱን ባክቴሪያ ከአንጀቱ ባክቴሪያ ለይቶ አይመታም። በተለይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ አብላዮቹን በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ይከሰታል። አንደኛው፣ መብላላት የነበረበት ስታርች፣ አሰርና ስኳር እንዳለ ትልቁ አንጀት ውስጥ ይቀመጥና ውኃ ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል። ሁለተኛው፣ አሲዶቹ ስላነሱ ሶዲየምና ውኃ የሚመጠጥበት መንገድ ይደክማል። ሰገራው የሚላላው ከዚህ የተነሳ ነው። ቁርጠቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ በፈሳሽና በጋዝ የተለጠጠ አንጀት ያለውን ወደ ፊት ለመግፋት በኃይል ይጨበጣል፣ ያ መጨበጥ ለእኛ እንደ ቁርጠት ይሰማናል። መጸዳጃ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ቁርጠቱ ለጊዜው የሚቀለውም ለዚህ ነው።

ሌላው የተበላሸ ነገር ብዙም ሳይነገርለት የሚቀረው የሐሞት ጉዳይ ነው። ጉበት የሚሠራቸው የሐሞት አሲዶች አብዛኞቹ በትንሹ አንጀት ጫፍ ተመጥጠው ይመለሳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋሉ። በጤናማ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች እነዚህን ወደ ሌላ ዓይነት አሲድ ይለውጧቸዋል። ለዋጮቹ ሲሞቱ የጉበቱ አሲዶች ሳይለወጡ ይቀራሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ትልቁ አንጀት ውኃ እንዲያመነጭ ይገፋፋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል፣ በአጭሩ ሲ ዲፊሲል የተባለውን ባክቴሪያ ከእንቅልፉ ያስነሱታል። ይህ ባክቴሪያ ምንም ሳይጎዳ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ የሚችለው ስፖር በሚባል ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ያልተለወጡት የሐሞት አሲዶች ሽፋኑን እንዲከፍት ምልክት ይሰጡታል፣ የተለወጡት ደግሞ እድገቱን ይገቱት ነበር። አንቲባዮቲክ እንግዲህ በር ከፋቹን አብዝቶ በር ጠባቂውን ያስወግዳል።

ደረጃ 1፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻ መያዝ

ምልክቱ እንደጀመረ አንድ ወረቀት ይውሰዱና የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የጀመሩበትንና የሚጨርሱበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ በየቀኑ አራት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ስንት ጊዜ እንደተቀመጡ፣ ሰገራው የዕቃውን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ቀጭን መሆኑን ወይስ ላላ ብቻ ማለቱን፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎት እንደሆነ፣ እና ከምን ምግብ በኋላ እንደባሰ። ትኩሳት ካለ በቴርሞሜትር ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚናገረው የሌሊቱ ነገር ነው። ያልተብላላ ምግብ ውኃ ስቦ የሚያመጣው ተቅማጥ የሚመገበው ከምንበላው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሳይበላ ሲቆይ ይቀንሳል፣ ሌሊትም ያርፋል። ሲ ዲፊሲል በሚያመነጨው መርዝ የቆሰለ አንጀት ግን ሰውየው በላም አልበላም ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ሐኪም «ሌሊት ያስነሳዎታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ያልመዘገበ ታካሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በትክክል አያስታውሰውም።

ደረጃ 2፦ ምልክቱን ከጊዜው ጋር ማገናኘት

በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን፣ መድኃኒቱ ከተዋጠ ብዙም ሳይቆይ የሚመጣ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ሞት ጋር ግንኙነት የለውም፤ መድኃኒቱ ራሱ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ ነው። ኤሪትሮማይሲን ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ሞቲሊን የተባለው የአንጀት ሆርሞን የሚያርፍበትን ተቀባይ ስለሚነካ፣ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት በኃይል እንዲጨበጡ ያደርጋል። በምሳሌያችን ሴት መድኃኒት ውስጥ ያለው ክላቩላኔትም የትንሹን አንጀት እንቅስቃሴ ይጨምራል። የመጀመሪያዋ ማታ ቁርጠት ይኸው ነው። አሞክሲሲሊን ክላቩላኔትን ምግብ መብላት ሲጀምሩ መዋጥ ይህን ያቀልለዋል። ይህ ምክር ግን ለሁሉም አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ በባዶ ሆድ መወሰድ ያለባቸውም ስላሉ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል።

ከሦስተኛ ቀን ገደማ ጀምሮ የሚመጣው፣ የሚነፋ፣ የሚጮኽ፣ ከምግብ በኋላ የሚብስና ሌሊት የሚያርፍ ተቅማጥ ባክቴሪያዎቹ በመመናመናቸው የመጣው ነው። ሰገራው ይላላል እንጂ ደም የለውም፤ ሰውየውም ደከም ይለዋል እንጂ አይታመምም። አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴትዮዋ በአራተኛው ቀን ያለችው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ የሲ ዲፊሲል ተቅማጥ፣ መድኃኒቱ በሚወሰድበት ጊዜም ሊጀምር ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሲመጣ ነው። አንቲባዮቲክ ከተጨረሰ በኋላ እስከ ሁለት ወር ድረስ የሚጀምር ተቅማጥ ከዚያ መድኃኒት ጋር ሊያያዝ ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ውኃ መሰል ሰገራ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከእምብርት በታች ሲጫኑት የሚያም ሆድ፣ ትኩሳት፣ በዚህ ላይ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሲደራረቡ፣ አንጀቱ ቆስሎ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

መድኃኒቱም ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ክሊንዳማይሲን፣ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉ ሴፋሎስፖሪኖች፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ እንዲሁም አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ለሲ ዲፊሲል በይበልጥ ያጋልጣሉ፤ ዶክሲሳይክሊን ግን ከዝቅተኞቹ ነው። «በመርፌ ስለተሰጠኝ ሆዴን አይነካም» የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑንም መጥቀስ እወዳለሁ፤ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ቢሰጥም ከፊሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ስለሚፈስ ባክቴሪያዎቹን ያገኛቸዋል። ከመድኃኒቱ ሌላ ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ፣ ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ፣ ከዚህ በፊት ይህ በሽታ የያዘው፣ ወይም የጨጓራ አሲድን የሚቀንሱ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ቶሎ መጠርጠር ይኖርበታል።

ደረጃ 3፦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚሄዱበትን ወሰን ማወቅ

ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ሆዱ ካበጠና ሲነካ በጣም የሚያም ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ሲነሳ የሚያዞረው፣ ሽንቱ ያነሰና የጠቆረ ከሆነ በቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። አንድ አሳሳች ምልክት አለ፦ ብዙ ቀን ሲያስቀምጠው የቆየ ሰው ተቅማጡ በድንገት ቆሞ ሆዱ እየተነፋና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ይህ መሻል አይደለም። ትልቁ አንጀት መንቀሳቀስ አቁሞ እየተለጠጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁሉም በላይ አስቸኳይ የሆነው ይህ ነው። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ሳይጠብቁ ቀድመው ቢታዩ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ፈሳሹን መተካት

ተቅማጥ በያዘው ሰው ላይ ቀድሞ የሚጎዳው የውኃና የጨው መጉደል ነው። ባዶ ውኃ ብቻ መጠጣት ውኃውን ይመልሳል እንጂ ጨውን አይመልስም፤ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ስኳሩ ስለሚበዛ ራሱ ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡንም ያባብሳል። ኦ አር ኤስ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አጣምሮ ብቻ የሚያስገባ በር አለ፤ ይህ በር በአንቲባዮቲክ አይበላሽም። የስኳሩና የጨው መጠን ሲመጣጠን ሁለቱ አብረው ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ትልቁ አንጀት ሥራውን ባልሠራበት ቀን፣ ውኃው ገና እዚያ ሳይደርስ በትንሹ አንጀት እንዲመጠጥ ማድረግ ማለት ነው።

አንዱን ከረጢት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውኃ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ይበጥብጡ። በግማሽ ሊትር ማወፈር ወይም በሁለት ሊትር ማቅጠን ሚዛኑን ያፈርሰዋል። ከረጢቱ ካልተገኘ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ልሙጥ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማንኪያውን ሞልተው ከላይ በቢላዋ ጀርባ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ጨው ከበዛ ይጎዳልና። አዋቂ ሰው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ የሚያስመልሰው ከሆነም ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ ይጠጣ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና አዲስ ይዘጋጅ። በቂ እየጠጡ መሆኑን የሚያውቁት በሽንትዎ ነው፤ ቀለሙ የነጣና በየጥቂት ሰዓቱ የሚመጣ ከሆነ መጠኑ ደርሷል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ደረጃ 5፦ አብላዮቹ እስኪመለሱ ምግቡን ማስተካከል

የሚቀነሰው ምግብ በባክቴሪያ ላይ ብዙ የሚደገፈው ነው። ወተት በመጀመሪያ ይጠቀሳል፤ በትንሹ አንጀት ያልተፈጨ ላክቶስን ብዙ ሰው ሳይታመም የሚያልፈው የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ስለሚያብላሉለት ነው፣ እነርሱ ሲጠፉ ያው ወተት ቁርጠት ያመጣል። ባቄላ፣ ምስርና መሰል ጥራጥሬዎች፣ ጥሬ ጎመን፣ ብዙ ፍራፍሬ በአንድ ጊዜ፣ እንዲሁም «ከስኳር ነፃ» በሚባሉ ማስቲካዎች ውስጥ ያለው ሶርቢቶል ይከተላሉ። ሩዝ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሙዝና በደንብ የበሰለ ካሮት ግን ይበላሉ።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው ከዚህ በኋላ ነው፦ ተቅማጡ ሲቆም በዚያው ቀጭን አመጋገብ ለሳምንታት ይቀጥላል። አብላዮቹ የሚመለሱት የሚበሉት ሲያገኙ ነውና፣ ሰገራው ቅርጽ መያዝ በጀመረ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጥራጥሬና አትክልቱን ትንሽ በትንሽ መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ ሁለት ማንኪያ ምስር በልተው ነገ ደህና ከሆኑ መጠኑን ይጨምሩ፤ ከተነፉ ለሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሱ።

ደረጃ 6፦ በእጅዎ ያሉ መድኃኒቶችን በጥንቃቄ መያዝ

አንቲባዮቲኩን በራስዎ አያቁሙ፤ የግድ ይጨርሱት ማለት ግን አይደለም። ቀለል ያለ ተቅማጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ከበድ ያለ ከሆነ ላዘዘልዎ ሐኪም ይደውሉና ማስታወሻውን ያንብቡለት፤ እርሱ ቀኑን ሊያሳጥር፣ ሊለውጠው ወይም አያስፈልግም ብሎ ሊያቆመው ይችላል።

ሎፐራማይድ የተባለውን ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ትኩሳት፣ ደም ወይም የሲ ዲፊሲል ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ መውሰድ አደገኛ ነው፤ አንጀቱን ሲያዘገየው መርዙን አብሮ ያቆየዋል። ከሁሉም በላይ የምለምነው ግን ይህን ነው፦ ቀድሞ ተርፎ የተቀመጠ ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን አውጥተው ለዚህ ተቅማጥ አይውጡ። ተቅማጥ ሁሉ «ጀርም» ያመጣው ስለሚመስል ፈተናው ይገባኛል፤ ነገር ግን እዚህ ያለው ችግር የባክቴሪያ መጥፋት ሆኖ ሳለ ሌላ አንቲባዮቲክ መጨመር የቀሩትንም ይጠርጋል።

ፕሮባዮቲክን በተመለከተ፣ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የተባለው እርሾና ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂ ጂ የተባለው ባክቴሪያ ከአንቲባዮቲኩ ጋር አብረው ሲጀመሩ ተቅማጥ የመያዝ ዕድልን በመጠኑ እንደሚቀንሱ ጥናቶች አሳይተዋል። እርሾው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይሞትም፤ ባክቴሪያው ግን ከአንቲባዮቲኩ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ተለይቶ ቢወሰድ ይመረጣል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ከጨረሱ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው ለመመለስ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ እንደዘገየባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ተቅማጡን ለመከላከል ለአጭር ጊዜ መውሰድና «አንጀቴን ልጠግን» ብሎ ለወራት መውሰድ አንድ አይደሉም። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ወይም በትልቅ ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ ያላቸው ታካሚዎች፣ ሕያው ፍጥረቱ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰዱት።

ሴትዮዋ መድኃኒቷን ምግብ ስትጀምር መዋጥ ጀመረች፣ ወተቱንና ምስሩን ለጊዜው ተወች፣ ኦ አር ኤስ ጠጣች። በሰባተኛው ቀን መድኃኒቱ ሲያልቅ በቀን ሁለት ጊዜ ትቀመጥ ነበር፤ በአሥረኛው ቀን ሰገራዋ ቅርጽ ያዘ። ማስታወሻዋን ግን አልጣለችውም።

ደረጃ 7፦ ተቅማጡ ተመልሶ ሲመጣ

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሳች። በማግስቱ ሰባት ጊዜ ውኃ መሰል ሰገራ ወጣት፤ ትኩሳቷ 38.3 ሆነ፣ ከእምብርት በታች ስትጫነው ያማታል፣ ሳትበላ ብትውልም አልቀነሰላትም። ይህ ከአራተኛው ቀን ተቅማጥ ጋር በአራት ነገር ይለያል፦ በሌሊቱ፣ በትኩሳቱ፣ በሕመሙ ቦታና ከምግብ ጋር አለመገናኘቱ። የደረሰባት በብዙዎች ላይ የማይደርስ ነው፤ ማስታወሻዋን ይዛ ወደ ሐኪም መሄዷ ግን ትክክለኛው እርምጃ ነው።

ሐኪሙ የሚያዘው የሰገራ ምርመራ የባክቴሪያውን መኖርና መርዙን የሚፈልግ ነው። ናሙናው ቀጭን ሰገራ መሆን አለበት፤ ቅርጽ ከያዘ ሰገራ ላይ መመርመር የሚያሳስት ውጤት ያመጣል፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው ያለባቸው ሆኖም የማይታመሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ባክቴሪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1935 በመጀመሪያ የተገኘው በጤነኛ አራስ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ነበር፤ ለማሳደግ አስቸጋሪ ስለነበር «አስቸጋሪው» የሚል ስም ተሰጠው። አንቲባዮቲክ የሚያስከትለው ከባድ የአንጀት ቁስለት የእርሱ ሥራ መሆኑ የታወቀው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱ የክሊንዳማይሲን ብቻ ይመስል ነበር።

ውጤቱ ከተረጋገጠ የሚታዘዘው ፊዳክሶማይሲን ወይም በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን ነው፤ የቫንኮማይሲኑ የተለመደ መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን አራት ጊዜ ለ10 ቀን ነው። በአፍ መወሰዱ ወሳኝ ነው፤ በደም ሥር የተሰጠ ቫንኮማይሲን ወደ አንጀት ውስጥ በበቂ መጠን አይደርስም፣ በአፍ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም እምብዛም ሳይገባ እዚያው አንጀት ውስጥ ይሠራል። ሁለቱም ካልተገኙና በሽታው ቀላል ከሆነ ሜትሮኒዳዞል ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ጥንቃቄ የሚያተኩረው በስፖሩ ላይ ነው። የአልኮል ማጽጃ ስፖርን ስለማይገድል እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠባል፤ እዚህ የሚጠቅመው ስፖሩን ከቆዳ ላይ ማጠቡ ነው። መጸዳጃ ቤቱ፣ የበር እጀታውና የውኃ መልቀቂያው ክሎሪን ባለው በረኪና ይጸዳል። የሚቻል ከሆነ ታማሚዋ እስክትድን ለብቻዋ የምትጠቀምበት መጸዳጃ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሕክምናውን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ለቀቃት፣ በስድስተኛው ቀን ሌሊት መነሳት አቆመች። አሥሩን ቀን ጨርሳ ከተሻላት በኋላ «መዳኔን ላረጋግጥ» ብላ ሰገራ ማስመርመር አያስፈልጋትም፤ ባክቴሪያው ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት በምርመራ ሊታይ ስለሚችል ውጤቱ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። መከታተል ያለባት ምልክቱን ነው። ከመጀመሪያ ሕክምና በኋላ ከአምስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ሕመሙ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ሳምንት ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም ስፖሩን አይገድልም፣ በር ጠባቂዎቹም ገና አልተመለሱም። በተደጋጋሚ ለሚመለስባቸው ሰዎች ከጤነኛ ለጋሽ ሰገራ የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን ወደ አንጀት የማስገባት ሕክምና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከቫንኮማይሲን ብቻ ይልቅ በእጅጉ እንደሚያድን አሳይቷል።

የአንጀት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ይመለሳሉ፤ አንዳንድ ዝርያዎች ግን በጠንካራ አንቲባዮቲክ ከተመቱ ከስድስት ወር በኋላም ያልተመለሱባቸው ሰዎች በጥናት ታይተዋል። ስለዚህ ሴትዮዋ በማስታወሻዋ መጨረሻ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ ሲ ዲፊሲል የተገኘባትን ቀንና የታከመችበትን መድኃኒት ጽፋ ከሕክምና ካርዷ ጋር አስቀመጠችው። በሚቀጥሉት ወራት ለጥርስም ሆነ ለጉሮሮ አንቲባዮቲክ ሊያዝላት የሚነሳ ሐኪም ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት የሚያየው ይህን ወረቀት ይሆናል።